የተሳሳተ የልደት ዓመት እንዴት ይታረማል?

በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የተሳሳተ ዓመት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ሄጄ ላስቀይረው?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ሊመለስ የሚገባው ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ስሕተቱ የገባው የት ላይ ነው? መዝገቡ ትክክል ሆኖ ምስክር ወረቀቱ ሲጻፍ የተፈጠረ ስሕተት አንድ መንገድ አለው። መዝገቡ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። መዝገቡ የተነገረውን በትክክል ጽፎ፣ የተነገረው ራሱ ስሕተት ከነበረ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ስለሚነሣ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ ፍርድ ቤት ይወስደዋል፤ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚያስፈልገውን ጉዳይ ይዞ በወረዳው ደጅ ይመላለሳል።

በአገራችን እንዲህ ያለው ስሕተት የሚበዛበት ምክንያት አለው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በሕጉ መሠረት ልደት በተወለዱ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዛሬ አዋቂ የሆነው ሰው ግን ከዚያ ቀን በፊት የተወለደ ነው። የእርሱ ልደት «ነባር» ተብሎ የሚመዘገበው ከተወለደ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለፓስፖርት ወይም ለውጭ ጉዞ ሲፈለግ፣ በቤተሰቡ ወይም በራሱ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። ቃሉ ከተሳሳተ መዝገቡም ይሳሳታል።

ሁለተኛው ምክንያት የዘመን አቆጣጠር ነው። የልደት ምስክር ወረቀታችን በአማርኛው በኩል የኢትዮጵያን፣ በእንግሊዝኛው በኩል የአውሮፓውያኑን ዘመን ይይዛል። ብዙዎች ልዩነቱን «ስምንት ዓመት» ብለው ይደመድማሉ። እውነቱ ግን ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰው ሰባት ዓመት ይደመርለታል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ ስምንት። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ማግሥት በሚጀምረው ዓመት መለያው በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ ጥቅምት 15 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 25 ቀን 1997 ተወለደች ማለት ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደችው ግን ኤፕሪል 23 ቀን 1998። የኢትዮጵያው ዓመት አንድ ሆኖ የአውሮፓውያኑ ሁለት ይሆናል። ለሁሉም ስምንት የደመረ ጸሐፊ የጥቅምቷን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳንሳታል።

የጥቅምቷን ልጅ ሂሩት እንበላትና ጉዳይዋን እንየው። ምስክር ወረቀቷ በአማርኛው 1990 ይላል፤ በእንግሊዝኛው ደግሞ 1998። ሂሩት መጀመሪያ ማድረግ ያለባት ምስክር ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ነው። ወረቀቱ ከመዝገቡ የወጣ ቅጂ ነው፤ ሕጋዊ መሠረቱ የክብር መዝገብ ሹሙ ፈርሞ በጽሕፈት ቤቱ ያስቀመጠው ምዝገባ ነው። የምዝገባ ቅጹ ጥቅምት 15 ቀን 1990 የሚል ከሆነ መዝገቡ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የዘመን ልወጣው ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማየት አዲስ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ጽሕፈት ቤቱ በእጁ ያለውን ፋይል ገልጦ ያገኘዋል። ሂሩት የማረሚያ ማመልከቻዋን፣ የተሳሳተውን ምስክር ወረቀትና መታወቂያዋን ይዛ በተመዘገበችበት ጽሕፈት ቤት ትጠይቃለች። የቀድሞው ወረቀት ተመላሽ ሆኖ የታረመው ይሰጣታል። በማመልከቻዋ ላይ «ዓመቴ ይቀየርልኝ» ብላ ከጻፈች ግን ሠራተኛው የዕድሜ ለውጥ ጥያቄ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። «በመዝገቡ ላይ ያለው 1990 ትክክል ነው፤ ወደ አውሮፓውያን ዘመን ሲለወጥ ኦክቶበር 25 ቀን 1997 መሆን ሲገባው 1998 ተብሎ ስለተጻፈ ይስተካከልልኝ» ብላ ብትጽፍ ግን ጉዳዩ ካለበት ሳይሰፋ ይቀራል።

መዝገቡ ራሱ ሲሳሳት ነገሩ ይለወጣል። ሹም የፈረመበት መዝገብ ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል፤ የለም የሚል ሰው ነው የማስረዳት ሸክሙን የሚሸከመው። የመዝገብ ሹም አንድ ሰው መጥቶ «ያኔ የተነገረው ልክ አልነበረም» ስላለው ብቻ ዓመት የሚለውጥ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ለማንም ማስረጃ መሆን ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ከፋይሉ ውጭ ማስረጃ መመዘን የሚጠይቅ እርማት ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህን ለማየት ከሂሩት የከበደ ጉዳይ እንውሰድ።

ጌታሁን የምንለው ወጣት የተወለደው የካቲት 8 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1999። በዱባይ ሥራ ላይ ሳለ የልደት ምስክር ወረቀት አስፈለገውና በ2012 ዓ.ም. አባቱ በውክልና አስመዘገቡለት። አባት በእጃቸው የነበረው የልጃቸው ፓስፖርት ቅጂ ነው። በላዩ 1999 የሚለውን አዩና በቅጹ የኢትዮጵያ ዘመን ቦታ ላይ 1999 ብለው አስሞሉ፤ ፈረሙም። ጸሐፊው ያንን ወደ አውሮፓውያኑ ሲለውጠው 2007 ሆነ። አንዱ ዘመን ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። በሥጋ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው በወረቀት አሥራ ሦስት ሆነ፤ ራሱ በአካል ስላልቀረበም ሠራተኛው የሚያስተያይበት ፊት አልነበረውም።

ጌታሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢመለስ መልሱ ይታወቃል፤ መዝገቡ ከቅጹ ጋር ይመሳሰላል፣ ቅጹ ላይ የአስመዝጋቢው ፊርማ አለ፣ እኛ ጋር ስሕተት የለም። ይህ መልስ ተገቢ ነው፤ ጸሐፊው የተነገረውን ነው የጻፈው። ጌታሁን ይህን መልስ በጽሑፍ፣ በደብዳቤ ቁጥርና በማኅተም መጠየቅ አለበት። ደብዳቤው ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን በራሱ ሊያርመው እንደማይችል ያሳያል፤ ለፍርድ ቤቱም የክርክሩ መነሻ ይሆናል። የምዝገባ ቅጹን የተረጋገጠ ቅጂም ከዚያው ሊጠይቅ ይገባል። ስሕተቱ እንዴት እንደገባ የሚናገረው ያ ቅጽ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃ መሰብሰብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የወረቀቱን ብዛት የማስረጃ ጥንካሬ አድርጎ ይቆጥራል። ዳኛ ማስረጃ ሲመዝን ከብዛቱ በፊት ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ወረቀቱ መቼ ተጻፈ የሚለው ነው። የዕድሜ ክርክር ከመነሣቱ ብዙ ዓመት በፊት፣ ለሌላ ጉዳይ የተጻፈ ሰነድ ማንም ለዛሬው ጥቅም ብሎ ያዘጋጀው ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ከየት ተቀዳ የሚለው ነው። የቀበሌ መታወቂያ ከቃል፣ የባንክ ደብተር ከመታወቂያው፣ የሥራ ፋይል ከባንኩ ከተቀዱ፣ ሦስቱም አንድ ምንጭ ናቸው። ሦስት ቦታ የተደገመ አንድ ቃል ሦስት ማስረጃ አይሆንም።

በዚህ ሚዛን የጌታሁንን ሰነዶች እንያቸው። እናቱ ያስቀመጡት የክትባት ካርድ አለ። በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. የተሰጡት ክትባቶች ከነቀናቸው ተሞልተዋል። ካርዱን የሞላችው ነርስ ስለ ፓስፖርትም ስለ ውጭ ጉዞም የምታውቀው ነገር አልነበረም። በ1999 የተወለደ ሕፃን ደግሞ በ1991 ሊከተብ አይችልም። ከካርዱ ጋር ተወልዶበት የነበረው ጤና ተቋም መዝገብ ከተገኘ የበለጠ ይጠነክራል፤ ብዙ ሆስፒታሎች የማዋለጃ መዝገባቸውን ስለሚያቆዩ ከመዝገብ ክፍል በጽሑፍ ማስፈለግ ይቻላል። ለዚያ ግን የእናት ሙሉ ስምና የወለዱበት ወር ያስፈልጋል፤ መዝገቡ የሚገኘው በእናት ስም እንጂ በልጅ ስም አይደለምና።

የክርስትና ምስክር ወረቀቱ መጋቢት 17 ቀን 1991 ዓ.ም. እንደ ተጠመቀ ይናገራል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ይጠመቃሉ። ከየካቲት 8 ጀምሮ ሲቆጠር መጋቢት 17 አርባኛው ቀን ነው። በዚህ ምክንያት የጥምቀቱ ቀን ብቻ ቢጻፍ እንኳ የልደቱን ቀን መልሶ ማስላት ይቻላል። እዚህ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያኑ ወረቀቱን የሰጠው በዚያው ዘመን ነው ወይስ ባለፈው ወር? በቅርቡ የተሰጠ ከሆነ ከጥንቱ የጥምቀት መዝገብ የተቀዳ ነው ወይስ በቤተሰቡ ቃል የተጻፈ? ከመዝገብ የተቀዳ ከሆነ የመዝገቡ ገጽና ተራ ቁጥር እንዲጠቀስበት መጠየቅ ብልህነት ነው።

የትምህርት ማስረጃው ሌላ ዓይነት ጥንካሬ አለው። ጌታሁን አንደኛ ክፍል የገባው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን የስምንተኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2005 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ እንደሚለው የካቲት 1999 ተወልዶ ቢሆን ትምህርት የጀመረው ከመወለዱ በፊት፣ ስምንተኛ ክፍል የተፈተነውም በስድስት ዓመቱ ይሆናል። የትምህርት ቤት ወረቀት የልደት ቀን ባይኖረው እንኳ ዓመቱ ብቻውን ይህን ያስረዳል። በተቃራኒው ልዩነቱ አንድና ሁለት ዓመት ሲሆን ትምህርት ቤት ብዙም አይረዳም፤ ልጆች በስድስትም በስምንትም ዓመት ይገባሉና። የእኅቱ የልደት መዝገብም ይቀርባል። እርሷ በ1994 ተወልዳ ከሆነ በተሳሳተው መዝገብ ታናሽ እኅት የታላቅ ወንድሟ ታላቅ ሆናለች።

ከሁሉም በላይ ግን ፓስፖርቱ ራሱ አለ። ከምዝገባው በፊት የወጣው ፓስፖርት ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1999 ይላል፤ የተሳሳተው መዝገብ ደግሞ የካቲት 8 ቀን 1999። ፌብሩዋሪ 15 ማለት የካቲት 8 ነው። ቀንና ወር ገጥመው፣ ዓመቱ ብቻ ያለ ልወጣ ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ማስረጃው ትክክለኛው ዓመት ስንት እንደሆነ ከመናገሩ ባሻገር ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ይገልጣል። ፍርድ ቤት ዓመት ለመለወጥ የሚጠራጠረው ከጀርባው ጥቅም ይኖር ይሆናል ብሎ ነው፤ የስሕተቱ ምክንያት ግልጽ ሆኖ ሲቀርብለት ያ ጥርጣሬ ይቀንሳል።

የሕክምና ምርመራስ? ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ራሱ አመልካቹን ወደ ሆስፒታል ይልካል። ሐኪሞች የእጅ አንጓን በራጅ ያነሣሉ፣ ጥርስ ያያሉ፣ ሰውነት ይመረምራሉ፣ ከዚያ ግምታቸውን ይጽፋሉ። የእጅ አንጓ አጥንት የሚያድግበት ክፍል በአሥራዎቹ መጨረሻ ገደማ ይዘጋል፤ የአንገት ሥር አጥንት ዘግይቶ፣ በሃያዎቹ ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ጌታሁን በሃያ ሦስት ዓመቱ ሲመረመር በመዝገቡ እንደሚባለው አሥራ አምስት ዓመቱ እንዳልሆነ ራጁ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። በ1991 ተወለደ ወይስ በ1989 የሚለውን ግን ራጅ ሊለይ አይችልም። አጥንቱ አንዴ ከተዘጋ በኋላ የሃያ አምስትና የሃያ ስምንት ዓመት ሰው አንጓ አንድ ይመስላል። ምግብ፣ ሕመምና ዘር ዕድገትን ስለሚያፈጥኑና ስለሚያዘገዩ የሕክምና ቃል ሁልጊዜ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ግምት ነው። ሰነድ ሳይኖረው በራጅ ብቻ የሁለት ዓመት ልዩነት ለማስረዳት የሚነሣ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ገደብ ይህ ነው።

ምስክሮችም ይሰማሉ። የሚጠቅመው ምስክር «አውቃለሁ፣ በ1991 ነው የተወለደው» የሚለው ብቻ አይደለም። ዳኛው ቀጥሎ «በምን አወቅህ?» ማለቱ አይቀርም። «የእኔ ልጅ በተወለደች በሁለት ወሩ ነው፤ ሁለቱንም አብረን ነበር የምናስከትባቸው፤ የእርሷ ካርድ ይኸው» የምትል ጎረቤት ቃሏ ከወረቀት ጋር ይታሠራል። የክርስትና አባት፣ አዋላጅ፣ በዚያን ዘመን አብሮ በግቢ የኖረ ሰው ከሩቅ ዘመድ ይመረጣሉ። በቅጹ ላይ የፈረሙት አባት ራሳቸው ቀርበው ዓመቱን ከፓስፖርቱ ቅጂ እንደ ወሰዱት ማስረዳታቸው ደግሞ ለጌታሁን ወሳኝ ነው፤ ፊርማቸው እስካለ ድረስ ዝምታቸው በእርሱ ላይ ይቆጠራል።

አቤቱታው ረጅም መሆን የለበትም። የትኛው ጽሕፈት ቤት፣ በየትኛው የምዝገባ ቁጥር፣ መቼ እንደ መዘገበው፤ ምን ተብሎ እንደ ተጻፈና ምን መሆን እንደሚገባው በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር፤ ስሕተቱ እንዴት እንደገባ፤ የማስረጃዎቹ ዝርዝር፤ በመጨረሻም የሚጠየቀው ዳኝነት ይጻፍበታል። በቃለ መሐላ ይደገፋል። ዳኝነቱ ሲጠየቅ «ዕድሜዬ ይስተካከል» ከማለት «በዚህ ቁጥር የተመዘገበው የልደት ዓመት ከ1999 ወደ 1991 ዓ.ም. እንዲታረም ለጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ይሰጥልኝ» ማለት ይሻላል። ውሳኔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በትክክል ካልያዘ መዝገብ ቤቱ ሊያስፈጽመው ይቸገራል። ውጭ አገር ያለ ሰው በኤምባሲው በኩል ውክልና ልኮ በተወካይ ሊያስከራክር ይችላል። ለምርመራ በአካል እንዲቀርብ ከታዘዘ ግን መምጣቱ አይቀርለትም።

ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ የውሳኔው ግልባጭ ወደ መዝገብ ቤቱ ይሄዳል። የድሮው ጽሑፍ አይፋቅም፤ በውሳኔው መሠረት መታረሙ በመዝገቡ ላይ ይሠፍራል፣ አዲስ ምስክር ወረቀትም ይወጣል። የምዝገባው ቅጂ በቀበሌው ብቻ ስለማይቀር እርማቱ ቅጂው ወዳለባቸው የበላይ አካላት መተላለፉን መከታተል ያስፈልጋል። ያለዚያ ወረቀቱ ታርሞ ወረቀቱን የሚያረጋግጠው ቋት ያልታረመ ይሆናል፤ ሰውየው ሰነዱን ለማረጋገጥ ሲያስቀርብ «ከእኛ ጋር ያለው ሌላ ነው» ይባላል። ከዚያ መታወቂያው፣ ፋይዳው፣ የባንክ ሒሳቡ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ከልደት መዝገቡ ይጀምራል፤ ሌሎቹ እርሱን መሠረት አድርገው ይታረማሉ። የውሳኔው ግልባጭ በብዛት ተረጋግጦ ቢወጣና አንዱ ዋና ምንጊዜም በእጅ ቢቀር መልካም ነው።

ከዚህ የከፋው ሦስተኛው ዓይነት ነው። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ደላላ ዕድሜዋን ከፍ ያደረገላት ልጅ፣ ወይም ለስፖርት ውድድር ዕድሜው የተቀነሰለት ታዳጊ ስሕተታቸው የጸሐፊ አይደለም። የልጅቱ መታወቂያ፣ ፓስፖርትና የሥራ ውል ሁሉም በአንድ የሐሰት ዓመት ተስማምተዋል፤ እውነቱን የያዙት የትምህርት ቤትና የክርስትና መዝገቦች ብቻ ናቸው። እርሷም መብት አላት፤ ግን ጉዳይዋን የዘመን ልወጣ ስሕተት አስመስላ ማቅረብ የለባትም። በአቤቱታዋ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳስጻፈው በግልጽ መናገርና በዚያን ጊዜ ልጅ እንደ ነበረች ማሳየት ይኖርባታል። ለሐሰት ቃል ሕግ ቅጣት ስላለው እንዲህ ያለው ጉዳይ ከጠበቃ ጋር ሳይማከሩ መነሣት የለበትም።

እርማቱ የማይደርስበት ቦታም አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው መጀመሪያ ሲቀጠር በሕይወት ታሪክ ቅጹ በሞላው የልደት ዘመን ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያረመው የልደት መዝገብ ስድሳ የሚሞላበትን ቀን አያርቅለትም። በአሜሪካ ዜግነት የሚወስድ ወገናችንም ከቃለ መሐላው በፊት ሊያስብበት ይገባል፤ በማመልከቻው ትክክል ነው ብሎ ያረጋገጠውን የልደት ቀን «ስሕተት ነበር» ብሎ በኋላ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን ለማሳረም ሲጠይቅ፣ በአገሪቱ ደንብ ያ ምክንያት ተቀባይነት የለውም። ዘግይቶ የተመዘገበ የልደት ወረቀት ሲቀርብም የትምህርት ቤትና የቤተ ክርስቲያን ሰነድ ተጨምሮ መጠየቁ የተለመደ ነው። እዚያም የሚፈለገው ቀድሞ የተጻፈው ነው።

ስለዚህ ልጅ ወይም ዘመድ የሚያስመዘግብ ሰው ከጠረጴዛው ሳይነሣ ማድረግ ያለበት ሦስት ነገር አለ። ዓመቱን ከፓስፖርት ሳይሆን ከክትባት ካርድ ወይም ከሌላ የመጀመሪያ ሰነድ ይውሰድ። በኢትዮጵያ ዘመን ቦታ የገባው የኢትዮጵያ ዘመን መሆኑን፣ ከታኅሣሥ 22 በፊት ከሆነ ሰባት፣ በኋላ ከሆነ ስምንት መደመሩን ራሱ ያስላ። ከዚያ ቅጹን ያንብብና ይፈርም። ከፊርማው በፊት የታየ ስሕተት በዚያው ደቂቃ በእስክርቢቶ ይስተካከላል፤ ከፊርማው በኋላ የታየው ግን የሃያ ዓመት ወረቀትና የእናት ምስክርነት ይጠይቃል።